ለበቆሎ፣ ለጤፍና ለዱቄት የትኛው መያዣ ይሻላል? የተራ ጆንያ፣ የባለሦስት ንብርብር ከረጢትና የብረት ጎተራ ንጽጽር

የእህል መያዣ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ነቀዝ በአብዛኛው ከእህሉ ጋር አብሮ የሚገባ መሆኑን ነው። ሴቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በአፏ በስታ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ስለምትደፍነው፣ ለዓይን ንጹሕ የሚመስል በቆሎ በውስጡ እጭ ይዞ ሊሆን ይችላል። በሞቃት ቦታ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ እጩ ሙሉ ነቀዝ ሆኖ ፍሬውን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ለበቆሎ የሚመረጠው መያዣ ከውጭ የሚመጣውን ከመከልከል አልፎ በውስጥ ያለውንም መግደል አለበት።

ተራው ጆንያ ይህን አያደርግም። አየር እንደልብ ስለሚያስገባ ነቀዙ ያለ ችግር ይራባል፤ የእህል የእሳት ራትም ከላይ ባለው እህል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ጆንያ የሚያዋጣው እህሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ብቻ ነው።

ባለሦስት ንብርብር ከረጢት፣ ብዙዎች ፒክስ የሚሉት ዓይነት፣ ሁለት ወፍራም ውስጠኛ ላስቲኮችና አንድ የውጭ ጆንያ አለው። አንዱን ላስቲክ በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ እህሉን ሞልቶ፣ አየሩን በእጅ እየተጫኑ ካስወጡ በኋላ የእያንዳንዱን አፍ ለየብቻ ጠምዝዞና አጥፎ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል። በውስጥ የቀሩት ነፍሳት ራሳቸው ሲተነፍሱ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት መብላትም መራባትም አቁመው ይሞታሉ፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ድክመቱ ላስቲኩ መበሳቱ ነው። አይጥ ካገኘው ጥቅሙ ያበቃል፤ ከመሙላት በፊትም እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ነፍቶ አፉን ጨብጦ በመጫን፣ አየር የሚያፈስበት ቦታ መኖሩን በጉንጭ እያስጠጉ መፈተሽ ይገባል።

የብረት ጎተራ አይጥንም ነቀዝንም ይችላል፤ በደንብ ከተያዘም ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ሆኖም ሙሉ ካልሆነ በላዩ የሚቀረው አየር ለነቀዙ ረጅም ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ከቆመም ቀን የሚሞቀው፣ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ብረት በውስጡ ጤዛ ፈጥሮ እህሉን ያሻግታል። ስለዚህ ጎተራው ብዙ እህል አንድ ላይ ለሚያስቀምጥና ጥላ ያለው ቦታ ላለው ሰው እንጂ ለትንሽ ጓዳ አይመከርም።

ሁለቱም አየር የማያስገቡ መያዣዎች እርጥብ እህልን አያድኑም፤ እንዲያውም ሻጋታውን ያፋጥኑታል። በቤት የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፦ በደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ ከድኖ በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይጣበቅም ለረጅም ማከማቻ የሚፈለገው ከ13 በመቶ አካባቢ የማይበልጥ እርጥበት ስለሆነ፣ ተጨማሪ ፀሐይ ማስመታቱ አይጎዳም።

200 ኪሎ በቆሎ ለስምንት ወር የሚያስቀምጥ ቤተሰብ በወር 25 ኪሎ ይጠቀማል እንበል። በሁለት ባለ100 ኪሎ ከረጢት ቢያስቀምጠው፣ ከመጀመሪያው ከረጢት በከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል፤ የተረፈው ነቀዝም ነፍስ ይዘራል። አራት ባለ50 ኪሎ ከረጢቶች ቢገዛ ግን እያንዳንዱ እስኪፈለግ ድረስ ሳይነካ ይቆያል፤ የተከፈተውም እንዳለ ጥብቅ ክዳን ወዳላቸው ጄሪካኖች ይገለበጣል። ባለ20 ሊትር ጄሪካን 14 ኪሎ ያህል በቆሎ ስለሚይዝ አራት ጄሪካኖች ይበቃሉ። እኔ ከጎተራው ይልቅ ይህን የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጤፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬው እጅግ ትንሽ በመሆኑ የነቀዝ እጭ በውስጡ ሊያድግ አይችልም፤ ስለዚህ ንጹሕና ደረቅ ጤፍ በጥሩ ጆንያ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል፤ ለባለሦስት ንብርብሩ ገንዘብ ማውጣት ብዙም አያስፈልግም።

ዱቄት ሲሆን ግን፣ የጤፍም ይሁን የበቆሎ፣ ጠላቱ ይለወጣል። እዚህ የሚራቡት የዱቄት ጥንዚዛና ትሏ ድር የምታደራ የእሳት ራት ናቸው፤ ዱቄቱ በቀጭን ክር ተያይዞ ሲጓጉል የትሏ ምልክት ነው። ለዱቄት የሚገዛው ክዳኑ ጎማ ያለው ትንሽ መያዣ ነው፤ ፍሪዘር ያለውም ከመሙላቱ በፊት ዱቄቱን በትናንሽ እሽግ ለአንድ ሳምንት ቢያቀዘቅዘው እንቁላሉም ይሞታል፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ ግን እሽጉ መከፈት የለበትም፣ አለዚያ ዱቄቱ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዱቄት በአሮጌው ላይ አይጨመርም፤ መያዣው ባዶ ሲሆን በክዳኑ ጠርዝ የተጣበቀውን ዱቄት ጠርጎ፣ አጥቦና አድርቆ እንደገና መሙላት ነው።