ባትሪው ይበረታል፣ ማሳወቂያው ይተኛል፦ ከስምንት ወር አጠቃቀም በኋላ

ስልኩን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆኖታል። ባትሪው እንደተባለለት ሁለት ቀን ሊደፍን ጥቂት ነው የሚቀረው። ከምን ቀንሶ እንደሚቆጥብ የገባኝ ግን በሦስተኛው ወር፣ እህቴ ሌሊት በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነው።

«ደርሻለሁ፣ ክፈትልኝ» ብላ የጻፈችው 7፡10 ላይ ነበር። ስልኩ ድምፁ እንደተከፈተ ትራሴ አጠገብ ነበር። በሩ ሲደበደብ ነቅቼ ስልኩን ሳነሳ የእርሷ መልእክት፣ ሁለት ኢሜይልና የቀን መቁጠሪያ ግብዣ በአንድ ትንፋሽ ተንጫጩ። ሰዓቱ 7፡52 ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱን በዶዝ ላይ ጣልሁ። ዶዝ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለ የእንቅልፍ ሥርዓት ነው፤ ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነካ ሲቆይ የመተግበሪያዎችን ኢንተርኔት ይዘጋና አልፎ አልፎ ብቻ ይከፍታል። ነገር ግን ላኪው አስቸኳይ ብሎ ምልክት ያደረገበት መልእክት ዶዝን አልፎ ይገባል፤ የውይይት መተግበሪያዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚልኩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ መዘግየታቸው ሌላ ነገር ይጠቁማል። በባትሪ ቅንብር ውስጥ አምራቹ ያስቀመጠውን፣ ሌሊት ግንኙነትን የሚያቋርጥ አማራጭ አገኘሁና አጠፋሁት፤ የሌሊቱ መዘግየት ያን ዕለት አበቃ።

የሥራ መተግበሪያዬ ግን ያው ነበር። እርሱ አይዘገይም፤ እስክከፍተው ድረስ ጭራሽ ዝም ይላል። ይህ ምልክት የተለየ ነው። ከቅርብ ጊዜ መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ጠርጌ ሳስወጣው ስልኩ በግድ ያቆመዋል፤ በግድ የቆመ መተግበሪያ ደግሞ አስቸኳይ የተባለ መልእክት እንኳ አይደርሰውም። የባትሪ ገደቡን አንስቼ፣ በራሱ እንዲነሳ ፈቅጄ፣ በዝርዝሩ ላይ ቆለፍሁት። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ገጾች ላይ ተበታትነው ነው ያሉት፤ ይህን ያሰበ ሰው ስልኩን ራሱ የሚጠቀምበት አይመስለኝም።

ስትሞክሩ አንድ ወጥመድ አለ። እኔ ስክሪኑን አጥፍቼ ወዲያው መልእክት አስልኬ፣ ሲደርሰኝ «ተስተካክሏል» ብዬ ሁለት ጊዜ ተሞኝቻለሁ። ቻርጀር ላይ የተሰካ ወይም አሁን የተነካ ስልክ ገና አልተኛም። ነቅላችሁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ አስልኩ፤ መልእክቱ የተጻፈበትንና ስልኩ የጮኸበትን ሰዓትም አስተያዩ።

በእኔ ስልክ የዚህ ሁሉ ዋጋ በአንድ ሌሊት 3 በመቶ ተጨማሪ ባትሪ ነው። በስድስተኛው ወር የሶፍትዌር ማሻሻያ ስጭን ቅንብሩ ምንም ሳይነግረኝ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ያወቅሁትም የግማሽ ቀን ስብሰባ ካመለጠኝ በኋላ ነው። ማሳወቂያ ለማይቸኩልበት ሰው ስልኩን እመክራለሁ። እህቴ ግን አሁን መልእክት አትልክም፤ ትደውላለች።