ልጃችሁ ድንገት እየፈዘዘ ለሚያስቸግራችሁ፦ ባህር ዳር ያለችውን የኢኢጂ ባለሙያ እዩልኝ

ሰላም የጎጃም ልጆች። ዛሬ ላመሰግናት የፈለኩት ባህር ዳር የአእምሮን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበውን የጭንቅላት ምርመራ፣ ኢኢጂ፣ የምታነሳ አንዲት እህት ናት፣ ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ልጄ 7 አመቷ ነው፣ የምንኖረው ቡሬ ነው። ወድቃ አታውቅም፣ አረፋ ደፍቃ አታውቅም፣ ስለዚህ የሚጥል በሽታ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እያወራች ቀጥ ትላለች፣ አይኗ ይፈዛል፣ አንዳንዴ ከንፈሯን ጣም ጣም ታደርጋለች፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መምህሯ ትኩረት የላትም አለች፣ እናቴ ደግሞ ጸበል ውሰዷት አለች፣ ወሰድናት፣ እሱንም አልተውነውም። አንድ ክሊኒክ የከንፈሯን ነገር ሲሰሙ ከአንድ የአእምሮ ክፍል የሚነሳ ነው ብለው ካርባማዜፒን የሚባል መድሃኒት ጀመሩላት። የሚገርማችሁ መፍዘዙ ባሰባት፣ ምሳ እየበላች ራሱ ደጋግሞ ይይዛት ጀመር። ሌላ ሀኪም ጋር ስንሄድ ነው መጀመሪያ ኢኢጂ ትነሳ ተብሎ የተላክነው።

እንግዲህ የባለሙያዋ ስራ እዚህ ላይ ነው። ከመምጣታችን በፊት ደውላ ሹሩባውን ፍቱት፣ ጸጉሯን በሳሙና እጠቡት፣ ቅቤም ቅባትም እንዳይነካው አለችን፣ ቅባት ካለ ኤሌክትሮዱ በደንብ አይይዝም መስመሩም ይበላሻል። ማታ አምሽታ ትተኛ፣ መድሃኒቷን ግን እንዳታቋርጡ፣ ቁርስም ትብላ አለች። ሽቦዎቹን በጄል ስትለጥፍ ልጄ ፈርታ አለቀሰች፣ ይሄ ኤሌክትሪክ አይሰጥሽም ያንቺን ብቻ ነው የሚያዳምጠው ብላ አንዱን ሽቦ በራሷ እጅ ላይ አድርጋ አሳየቻት።

ከዛ ወረቀት ፊቷ ይዛ ንፊው አለቻት፣ ለ3 ደቂቃ በሀይል እየተነፈሰች። በሀይል ሲተነፈስ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ አብሰንስ የሚባለው፣ ሳይጥል ለጥቂት ሰከንድ የሚያፈዘው የሚጥል በሽታ አይነት ካለ ብዙ ጊዜ እዛው ይመጣል። የመጀመሪያው ላይ ልጄ አፍራ ለስለስ አድርጋ ነው የነፋችው፣ ምንም አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖርማል ብሎ ይሸኘን ነበር ብዬ ነው የማስበው፣ እሷ ግን አሳርፋ ደገመችላት። ሁለተኛው ላይ መንፋቷን ድንገት አቆመች፣ አይኗ ፈዘዘ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ ከግራም ከቀኝም እኩል ሹል ሞገድ ሹል ሞገድ እያሉ ተነሱ፣ በሰከንድ 3 ጊዜ። ባለሙያዋ ወዲያው "ድመት" አለቻት። 10 ሰከንድ ምናምን ቆይቶ ሁሉም አንድ ላይ ቆመ፣ ልጄም መንፋት ቀጠለች፣ ምን አልኩሽ ስትላት አታውቀውም። ሰአቱን፣ ቃሉን፣ ከንፈሯ የተንቀሳቀሰበትን ሁሉ መዝገቡ ላይ ጻፈችው።

ስፔሻሊስቱ ሪከርዱን አንብቦ እንዳስረዳን፣ ከአንድ ቦታ የሚነሳው ፎካል ቢሆን ኖሮ ሞገዱ ከአንድ በኩል ለምሳሌ ከጆሮ ግንዷ አካባቢ ይጀምር ነበር፣ መፍዘዙም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ ከዛ በኋላም ትንሽ ግራ መጋባት አለው። የሷ ግን ከሁለቱም በኩል ባንዴ የሚነሳው አብሰንስ ነው፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ እሱም ላይ አለ ለካ። ካርባማዜፒን ለፎካል ጥሩ መድሃኒት ነው፣ አብሰንስን ግን ሊያባብስ ይችላል። ለዚህ የሚመረጠው ኢቶሰክሲማይድ ነበር፣ ፈልገን ስላጣነው በቫልፕሮት ተተካላት፣ የድሮውን ቀስ እያሉ በሀኪም ትእዛዝ ነው ያስቆሟት፣ በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙ። ቫልፕሮት ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ ልጅቷ ከፍ ስትል እንደገና ይታያል ብሎናል። አሁን መፍዘዙ ቤትም ትምህርት ቤትም አይታይባትም፣ መምህሯም ቅሬታዋን አቁማለች።

አንድ ነገር ግን፣ ኢኢጂ ኖርማል ስለወጣ በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ ሲነሳ ያልመጣ ነገር አይያዝም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የመጀመሪያው ኖርማል ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ልጃችሁን ሲይዘው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ከነፊቱና ከነእጁ፣ ሲጀምርም ሲያበቃም እንዲታይ። እኛ የያዝነውን ቪዲዮ ባለሙያዋ መጀመሪያ አይታ ነው ምን መፈለግ እንዳለባት ያወቀችው። ወረፋ ስላለ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የሚወስዱትን መድሃኒት ስምና መጠንም ጽፋችሁ ሂዱ፣ ትጠይቃችኋለች።