የዕዳ ክፍያ ሽፋን ምጣኔ፦ ከግብር በፊት ወይስ በኋላ?

ይህ ምጣኔ ድርጅቱ በዓመት ያገኘው ገንዘብ የዓመቱን የዕዳ ክፍያ ስንት እጥፍ እንደሚሸፍን ያሳያል፤ ከግብር በፊት ወይም በኋላ ባለው ገንዘብ ሊሰላ ይችላል። የአንድ ተበዳሪ ድርጅት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ይህን ያሳያል እንበል፦ ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ በፊት ያለው ትርፍ 1,000,000፣ የእርጅና ተቀናሽ 200,000፣ ወለድ 150,000፣ ግብር 195,000፣ የተጣራ ትርፍ 455,000። የዋናው ብድር ክፍያ መግለጫው ላይ ስለማይገኝ ከክፍያ ሰሌዳው ይወሰዳል፤ የዓመቱ 500,000 ነው። ከወለዱ ጋር የዓመቱ የዕዳ ክፍያ 650,000 ይሆናል።

የመጀመሪያው፣ ከግብር በፊት ያለው ስሌት 1,000,000ን ለ650,000 ያካፍልና 1.54 ያወጣል። ፈጣን ነው፤ ግብራቸው የሚለያይ ድርጅቶችን ለማወዳደርም ይመቻል። ችግሩ፣ ለግብር የሚወጣውን ገንዘብ ለባንኩ እንደሚተርፍ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ሁለተኛው፣ ከግብር በኋላ ያለው ስሌት ከተጣራ ትርፍ ይነሳል። የእርጅና ተቀናሽ ጥሬ ገንዘብ ስላልወጣበት ይመለሳል። ወለዱም ይመለሳል፤ አካፋዩ ውስጥ አስቀድሞ አለና። ድምሩ 805,000፣ ምጣኔው 1.24 ነው። አበዳሪው ቢያንስ 1.25 የሚጠይቅ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ስሌት በሰፊው ያለፈው ተበዳሪ እዚህ ለጥቂት ይወድቃል።

ወለዱን መመለስ የረሳ ሰው 1.01 ያገኛል፤ ወለዱን ሁለት ጊዜ አስከፍሎታል ማለት ነው። እኔ ለብድር ውሳኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እሱም ቢሆን ያረጀ ማሽን ለመተካት የሚወጣውን ገንዘብ አያይም፤ በዚህ ዓመት 100,000 የሚያስፈልግ ከሆነ ምጣኔው ወደ 1.08 ይወርዳል።