በሱቄ መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሥራ ዝርዝር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከደንበኞቼ የሚበዙት ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። የትምህርት ማስረጃቸውን ኮፒ ያስደርጋሉ፣ ማመልከቻ ያስጽፋሉ፣ ሒሳብ ከፍለው ሲወጡ ደግሞ «እትዬ፣ ዛሬ የወጣ ነገር አለ?» ይሉኛል። እኔም ለዓመታት ጠዋት ጠዋት አምስት የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾችን አንድ በአንድ እየከፈትኩ በእጄ እገለብጥ ነበር። አንዱን ማስታወቂያ በሦስት ቦታ ሳገኘው ሦስቴ አነበዋለሁ፤ አራተኛው ድረ ገጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ይደክማል፣ ደንበኛም ይገባል።

ኅዳር 2017 የእህቴ ልጅ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፈልኝ። 8,000 ብር ከፈልኩት፤ ለጥገና ደግሞ በየወሩ 500 ብር እሰጠዋለሁ። በነጻ ልሥራልሽ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በነጻ የተሠራ ነገር ሲበላሽ መቆጣት አይቻልምና። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው እንደ አክስት ሳይሆን እንደ ገዢ ነው።

ፕሮግራሙ የሚሠራው 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። በየሌሊቱ ድረ ገጾቹን ይከፍታል፣ ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ የሥራ መደቡን፣ የቀጣሪውን ስም፣ ቦታውን፣ የማብቂያ ቀኑንና አድራሻውን ብቻ ወስዶ በአንድ የመረጃ ቋት ያስቀምጣል። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄድ አምስት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ድረ ገጹን ማጨናነቅ ነውር ነው። መጀመሪያ ያሰብናቸው ድረ ገጾች ስድስት ነበሩ። የስድስተኛው `robots.txt` ፋይል የማስታወቂያ ገጾቹን በፕሮግራም መልቀምን ስለሚከለክል ትተነዋል። ጠዋት ሱቁን ስከፍት አንድ ገጽ ታትሞ ይጠብቀኛል፤ መስታወቱ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነው። የእህቴ ልጅ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲነሣ አድርጎ `0 4 * * *` ብሎ ጽፎት ነበር። እኔ አይቼ ስሕተት መሰለኝና 4ቱን ወደ 10 ለወጥኩት። በኮምፒውተር 10 ሰዓት ማለት በእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዝርዝሩ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ታተመ።

መልቀሙ ቀላሉ ክፍል ነው። በእነዚህ ወራት ያስለቀሰኝም ያስደሰተኝም ድግግሞሽን ማስወገዱ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ሁለት ማስታወቂያዎችን አንድ ናቸው የሚለው ጽሑፋቸው ፊደል በፊደል ሲገጥም ብቻ ነበር። በአማርኛ ይህ አይሠራም። አንዱ ድረ ገጽ «የሒሳብ ሠራተኛ» ሲል ሌላው «የሂሳብ ሰራተኛ» ይላል። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ በዝርዝሩ ላይ አራት ጊዜ ወጣ፤ ደንበኞቼም አራት ሰው የሚፈለግ መሰላቸው። መፍትሔው አጭር ነበር፦ ከማወዳደር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ መልክ ማምጣት።

```python
src = "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ"
dst = "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ"
key = title.translate(str.maketrans(src, dst))
```

ይህ የሚደረገው ለማወዳደሪያ በሚያገለግለው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። የሚታተመው ቀጣሪው እንደጻፈው ይቀራል፤ የሰውን አጻጻፍ እያረምኩ የምለጥፍ እኔ ማን ነኝ?

የቦታ ስም ከዚህ ይብሳል። ከተማችን ብቻ «ደብረ ብርሃን»፣ «ደብረብርሃን»፣ «ደ/ብርሃን»፣ `Debre Birhan` እና `Debre Berhan` ተብላ ትመጣለች። ሞክሼ ፊደል ማስተካከል ለእነዚህ አይበቃም፤ የስሞች መዝገብ ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ግን የእህቴ ልጅ አቋራጭ ፈለገ። ቦታውን ከማወዳደሪያው አውጥቶ፣ ቀጣሪው አንድ ከሆነና የመደቡ ስም በጣም ከተቀራረበ አንድ ማስታወቂያ ነው እንዲል አደረገው። ዝርዝሩ ወዲያው ጠራ፣ አጠረ፣ አማረ። ሁለት ሳምንት ያህል ተደሰትኩ።

ከዚያ አንድ የሸዋ ሮቢት ልጅ መጥቶ፣ አንድ ባንክ ለእነሱ ከተማ ገንዘብ ያዥ እንደሚፈልግ ከጓደኛው መስማቱንና በእኔ ዝርዝር ላይ ግን እንዳላየው ነገረኝ። ቋቱን ከፍተን አየን። ባንኩ በአንድ ቀን ሁለት ማስታወቂያ አውጥቷል፣ አንዱ ለደብረ ብርሃን፣ አንዱ ለሸዋ ሮቢት። ከቦታው በቀር ጽሑፉ አንድ ነው። ፕሮግራሙ ሁለተኛውን እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ውጦታል። ልጁ ጊዜው ሳያልፍ ስለመጣ ተመዘገበ፤ ሌላ ማን እንዳመለጠው ግን አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጋችን ተለወጠ። አንድ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ቢታተም አንባቢው የሚያጣው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የተለየ ማስታወቂያ ቢዋጥ የሚያጣው ሥራ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲጠራጠር ሁለቱንም ያትማል፤ ከጎናቸውም «ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል» ይላል። የቦታ መዝገቡንም እኔው ራሴ ጻፍኩት፦ ከመሐል ሜዳ እስከ አጣዬ፣ ከዓለም ከተማ እስከ አንኮበር፣ እያንዳንዱ ከነአጻጻፉ። «ሰሜን ሸዋ» የሚለው ብቻውን ሲመጣ መጠንቀቅ እንዳለብንም ያኔ ተማርን። በአማራ ክልል የእኛ ሰሜን ሸዋ አለ፣ በኦሮሚያ ክልል ደግሞ ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ አለ። የፍቼን ማስታወቂያ ለደብረ ብርሃን ሰው ለጥፌ የተወቀስኩት አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የቀኑ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የማብቂያ ቀን አይጽፍም። «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። የወጣው መቼ ነው? አንድ መሥሪያ ቤት ሰኞ የካቲት 3 ማስታወቂያ አወጣ፤ አንደኛው ድረ ገጽም በዚያው ቀን ለጠፈው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ስንቆጥር አሥረኛው ቀን ዓርብ የካቲት 14 ይሆናል። ሁለተኛው ድረ ገጽ ያንኑ ጽሑፍ ሳይለውጥ ሰኞ የካቲት 10 ለጠፈ። ፕሮግራሙ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በትክክል አወቀ፤ ነገር ግን ከሁለቱ አዲሱን አስቀርቶ አሮጌውን ጣለ። ከየካቲት 10 ቆጥሮም የማብቂያውን ቀን የካቲት 21 ብሎ አተመ።

ከደብረ ሲና የመጣች አንዲት ልጅ ሰኞ የካቲት 17 ማስረጃዋን እኔ ዘንድ ኮፒ አድርጋ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰች። «እትዬ፣ ዓርብ ተዘግቷል አሉኝ» አለችና ኮፒዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የኮፒውን ገንዘብ መለስኩላት። የትራንስፖርቱን ግን አልቀበልም አለች።

አሁን ፕሮግራሙ ድግግሞሽ ሲያገኝ ሁልጊዜ የቀደመውን ቀን ይይዛል፤ ከአዲሱ የሚወስደው አድራሻውን ብቻ ነው። የተለየ የሚሆነው ጽሑፉ ውስጥ «ተራዝሟል» ወይም «ለሁለተኛ ጊዜ የወጣ» የሚል ሲገኝ ነው። ያኔ እንደ አዲስ ማስታወቂያ ይቆጠራል፣ አሮጌውም ከነቀኑ ከሥሩ ይታያል።

በቁጥር የሚጻፍ ቀንም የራሱ ወጥመድ አለው። በሚያዝያ መጀመሪያ «05/08/2017» የሚል የማብቂያ ቀን ያለው ማስታወቂያ መጣ። ሚያዝያ 5 ማለት ነው፣ በፈረንጆች ኤፕሪል 13 ቀን 2025። ፕሮግራሙ ግን ኦገስት 5 ቀን 2017 ብሎ አነበበውና ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ያለፈ ነው ብሎ ጣለው። አሁን ዓመቱ ከፈረንጆቹ ዓመት በሰባት ወይም በስምንት የሚያንስ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። በዚህ መንገድ ስንት እንደተጣለ ለማየት ወደ ኋላ ቆጥረን ነበር፤ 31 ሲደርስ መቁጠር አቆምኩ።

ሌላው ድክመቱ ዝምታው ነው። በግንቦት አንዱ ድረ ገጽ የገጹን አሠራር ቀየረ። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ተነሣ፣ ከዚያ ድረ ገጽ ምንም አላገኘም፣ ከሌሎቹ አራቱ ያገኘውን አትሞ ተኛ። ዝርዝሩ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ዘጠኝ ቀን አላወቅንም። አሁን በወረቀቱ ግርጌ ከእያንዳንዱ ድረ ገጽ ስንት እንደተለቀመ ይጻፋል፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ ዜሮ ከሆነ በትልቁ «አልሠራም» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር የምታሠሩ ካላችሁ ይህን መስመር ከመጀመሪያው ቀን አስጽፉት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቆያል፤ ኔትወርክ ከሌለ ግን ባትሪው አያድነውም። ሲመለስ ራሱ ይነሣል፣ ዝርዝሩም ይዘገያል፤ በዚህ አላማርርም።

በተራ ጠዋት 140 ያህል ማስታወቂያ ይለቀማል። ድግግሞሹ፣ ጊዜው ያለፈበትና የሩቅ ቦታው ሲወጣ ለአካባቢያችን 12 ወይም 15 ይቀራል። ያ አንድ ገጽ ይሞላል፣ ከታች ጥቂት ባዶ ቦታም ይተርፋል። በፎቶ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች ፕሮግራሙ ማንበብ አይችልም፤ የእህቴ ልጅ ከፎቶ ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ሞክሮ ነበር፣ ነገር ግን «8» ን «3» እያደረገ ስላስቸገረ አስቆምኩት። የተሳሳተ ቀን ከማተም ባይታተም እመርጣለሁ። የጥገናውን 500 ብር ለሚቀጥለው ዓመትም እከፍላለሁ።

ባዶ ቦታውን ሆን ብዬ ነው ያስተውኩት። በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ በሙጫ ብቻ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ አይወጣም። ወደ ሱቅ ስመጣ ሁለቱን ሰሌዳዎች አያለሁ፣ ያገኘሁትንም በእስክሪብቶ እጨምርበታለሁ።