ደሴ ላይ ኮንደንሲንግ ቦይለር፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምኩ በኋላ

ደሴ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ አነስተኛ ሆቴል አለኝ። አሥራ ስምንት ክፍል ነው። በህዳርና በታህሳስ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ እንግዳ ብርድ ልብስ ደርቦ ደርቦ ይተኛል፣ ጠዋት ደግሞ ቅሬታውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በሲሊንደር ጋዝ ውሃ የሚያሞቁ ሁለት ኮንደንሲንግ ቦይለሮችና ያ ውሃ እየዞረ ክፍሉን የሚያሞቅባቸው ራዲያተሮች አስገባሁ። አሁን ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በአጭሩ ዕቃው ጥሩ ነው። ብሮሹሩ ላይ ያለው ቁጥር ግን ለደሴ አልተጻፈም።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ ልንገራችሁ። ሻጩ የሆቴሉን ስፋት ጠየቀኝ። 600 ካሬ አልኩት። በካሬ 100 ዋት አስቦ "60 ኪሎዋት ያስፈልጎታል" አለኝ። ይህ ሒሳብ ውጭው ከዜሮ በታች ለሚወርድበት አገር የሚሠራ ነው። እኛ ጋ የብርድ ሌሊት የሚባለው ውጭው 5 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ክፍሉን 20 ዲግሪ ላድርግ ካልኩ ልዩነቱ 15 ብቻ ነው።

አንዱን ክፍል አብረን እናስላው። 20 ካሬ ነው። ወደ ውጭ የሚያይ የብሎኬት ግድግዳው 10 ካሬ ገደማ ሲሆን በዚያ 15 ዲግሪ ልዩነት 350 ዋት ያህል ያስወጣል። ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት 210 ዋት፣ በበርና በመስኮት ክፍተት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ደግሞ 200 ዋት ይወስዳል። ድምሩ 760 ዋት ነው። አንድ የሻይ ማፍያ እንኳ ከዚህ በላይ ይጎትታል።

የላይኛው ፎቅ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቆርቆሮና ኮርኒስ ብቻ ስለነበረው በጣሪያው በኩል ብቻ በየክፍሉ 600 ዋት ተጨማሪ ይሄድ ነበር። ከኮርኒሱ በላይ 10 ሴንቲ ፋይበር ግላስ ሲነጠፍ ያ 600 ወደ 100 ወረደ። ለእኔ ከሁሉም ወጪ ያዋጣው ይሄ ነው፣ ከቦይለሩም በላይ። ኮሪደሩን፣ ሬስቶራንቱንና መቀበያውን ጨምሬ የሕንፃው ጠቅላላ ፍላጎት በብርዱ ሌሊት 20 ኪሎዋት ሆነ። የሻጩ ቁጥር ሦስት እጥፍ ነበር ማለት ነው።

ትልቅ መግዛት ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። ቦይለሩ እሳቱን ዝቅ የሚያደርግበት ዝቅተኛ ገደብ አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ አካባቢ። የ60 ኪሎዋቱ ከ12 በታች አይወርድም። መካከለኛ በሆነ ሌሊት ደግሞ ሕንፃዬ የሚፈልገው 12 ወይም ከዚያ በታች ነው። ያኔ ቦይለሩ ይነሳል፣ ውሃውን ቶሎ ያሞቃል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ደጋግሞ አየር ያናፍሳል፣ ሙቀቱንም በጭስ ማውጫው ያስወጣል።

በሌላ በኩል ከፍታውም መቆጠር አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። የቦይለሩ ፋን በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል፣ ስለዚህ የሚያቃጥለው ጋዝም ይቀንሳል። ትክክለኛውን ቅነሳ የሚነግራችሁ የአምራቹ የከፍታ ሰንጠረዥ ነው፣ ሳይሰጧችሁ አትፈርሙ። እኔ የገዛሁት ሁለት ባለ 28 ኪሎዋት ነው። እዚህ እያንዳንዳቸው 21 ገደማ ይሰጣሉ። አንዱ ብቻውን የብርዱን ሌሊት ይችላል። ሁለተኛው ለሻወር ውሃና ለመጠባበቂያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ተመላሹ ውሃ። ኮንደንሲንግ የሚባለው ቦይለር ከተራው የሚለየው ጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ መልሶ፣ እንፋሎቱ ይዞት የነበረውን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ያ የሚሆነው ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ ነው። በየጽሑፉ የምታገኙት ቁጥር "ተመላሹ ከ55 በታች ይሁን" ይላል። እሱ ግን በባሕር ጠለል ላይ ለተፈጥሮ ጋዝ ነው። የእኛ የሲሊንደር ጋዝ ሲቃጠል የሚወጣው እንፋሎት በመጠን ያንሳል፤ እዚያው ባሕር ጠለል ላይ እንኳ ውሃ መሆን የሚጀምረው 52 አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ 45 ይወርዳል። ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ቢሆን 47 አካባቢ በሆነ ነበር። የእሳቱ አየር ከሚገባው በላይ ከበዛ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል።

ለዚህ ሲባል ራዲያተሩ ትልቅ መሆን አለበት። ራዲያተር ላይ የሚጻፈው ዋት ውሃው በ75 ገብቶ በ65 ሲወጣ ነው። እኔ በ50 ገብቶ በ35 እንዲመለስ ፈለግሁ። በዚያ ሙቀት ራዲያተሩ የሚሰጠው ከተጻፈበት 35 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ 760 ዋት ለሚፈልግ ክፍል 2,150 ዋት የተጻፈበት ገዛሁ። ዋጋው ያማል፣ ግን ያለዚህ ኮንደንሲንግ መግዛት ትርጉም የለውም።

ሥራው አልቆ ሙቀቱ ደስ ይል ነበር። ጋዙ ግን እንደተባለው አልቀነሰም። ቦይለሩ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ባልዲ ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። እኔ ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና ከእንፋሎት የተመለሰው ውሃ የሚወርድበትን የኮንደንሴት ቱቦ ወደ ፕላስቲክ ባልዲ አዞርኩት። 10 ኪሎ ጋዝ ተቃጥሎ ባልዲው ውስጥ የነበረው ውሃ አንድ ብርጭቆ አይሞላም።

የገጠመው ልጅ መጣ። ቦይለሩ ስክሪን ላይ ተመላሹ 44 ይላል። "አብሽሩ ጋሼ፣ ከ55 በታች ነው እኮ!" አለኝ። እጄን ከራዲያተሮቹ በሚመጣው ቧንቧ ላይ ሳደርግ ግን ለብ ያለ ነው። ቴርሞሜትር ሲታሰርበት 35 አለ። ታዲያ 35 ሆኖ የመጣው ውሃ ቦይለሩ ጋ ሲደርስ እንዴት 44 ሆነ?

ምክንያቱ በቦይለሮቹና በራዲያተሮቹ መሃል የቆመው ወፍራም ቧንቧ ነው፣ ሁለቱን ዙሮች የሚለየው። በራዲያተሮቹ በኩል በሰዓት 1,150 ሊትር ይዞራል። በቦይለሮቹ በኩል ያሉት ፓምፖች ደግሞ በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ተደርገው 3,000 ሊትር ይገፋሉ። ትርፉ 1,850 ሊትር የሚሄድበት የለውም። በወፍራሙ ቧንቧ ውስጥ ዞሮ፣ ራዲያተር ሳይነካ፣ በ50 ዲግሪው ወደ ቦይለር ይመለሳል። 1,150 ሊትር በ35፣ 1,850 ሊትር በ50 ሲቀላቀል 44 ይሆናል። ሌላ ተአምር የለም። በየጽሑፉ ላለው 55 ከሆነ 44 ጥሩ ነው። ለደሴ ግን ድንበሩ ላይ ነው፣ ጭሱም ሲወጣ ከተመላሹ ትንሽ ሞቅ ስለሚል ኮንደንስ አያደርግም።

የፓምፖቹ ፍጥነት ወርዶ የቦይለር በኩሉ ፍሰት ከራዲያተር በኩሉ ጋር ሲቀራረብ ተመላሹ ወደ 35 ተጠጋ። ለዚያው 10 ኪሎ ጋዝ ባልዲው ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ተገኘ። በኋላ ደግሞ ውጭው ሲሞቅ ሂያጁን ውሃ ራሱ ዝቅ የሚያደርገው የውጭ ሙቀት መለኪያ ተገጠመ። ተመላሹ 30 በሚሆንበት ሌሊት ወደ 8 ሊትር ይደርሳል። ሙሉውን 15 ሊትር ማግኘት የሚታሰብ አይደለም።

ይህ በገንዘብ ስንት ነው? ተመላሹ 60 ከሆነ አሠራር ወደ 30 መውረድ፣ በእኔ ግምት እዚህ ከፍታ ላይ 5 ወይም 6 በመቶ ጋዝ ይቆጥባል። ብሮሹሩ ላይ ያለው 108 በመቶ የሚያስገርመው የእንፋሎቱን ሙቀት ከነዳጁ ጉልበት ሳይቆጥር ስለሚያሰላ ነው። ሻጩ 20 በመቶ ትቆጥባለህ ካላችሁ ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደሆነ ጠይቁት።

የሻወር ውሃ ሲሞቅ ኮንደንሱ ይቆማል፣ ምክንያቱም ታንከሩ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ ባክቴሪያ ይራባበታል። መብራት ሲጠፋም ፋኑና ፓምፑ ስለሚቆሙ ኢንቨርተር የግድ ነው። ይህን ቀድማችሁ አስቡበት።

ጭስ ማውጫው ላይ ግን ድርድር የለም። ጭሱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ የሚወርደውም ውሃ አሲድ አለው። ቆርቆሮ ወይም የዳቦ ቤት ዓይነት የላሜራ ቱቦ በጥቂት ጊዜ ይበሳል። የፍሳሽ ፒቪሲም ሙቀቱን አይችልም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ እስከ 120 ዲግሪ የሚችል የፖሊፕሮፒሊን ቱቦ አለ፣ መጋጠሚያው ላይ ጎማ ያለው። ጎማው ወሳኝ ነው፣ ጭሱን የሚገፋው ፋን ስለሆነ ክፍተት ካገኘ ወደ ክፍሉ ይገባል። አግድም የሚሄደው ቱቦ በሜትር 5 ሴንቲ ያህል ወደ ቦይለሩ ማዘንበል አለበት፣ ውሃው ተመልሶ በሳይፎኑ እንዲወርድ። የእኔ ሰው መጀመሪያ ወደ ውጭ አዘንብሎት ነበር፤ መንገደኛ ላይ እየተንጠባጠበ ጎረቤት ሲቆጣ ነው የተስተካከለው።

ርዝመቱም ገደብ አለው። እያንዳንዱ ኤልቦ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ያህል ይቆጠራል፣ ፋኑ ደግሞ በሳሳ አየር ላይ አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ቦይለሩን ከጣሪያው ሥር አስቀመጥነው፣ ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ሆነ። ደሴ ቁልቁለት ስለሆነች ብዙ ሕንፃ ምድር ቤት አለው፤ ብዙዎች እዚያ ማስገባት ይፈልጋሉ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ምድር ቤት ውስጥ ይተኛል። አታድርጉት። የቱቦው አፍ ላይ በብርድ ጠዋት ነጭ ጉም ስለሚወጣ ከመስኮት ራቅ ይበል።

ሳይፎኑ ደግሞ ውሃ ሊኖረው ይገባል፣ ጭሱን የሚዘጋው እሱ ነው። ሞቃቱ ወቅት ላይ ቦይለሮቹ ለሳምንታት ሲቆሙ ውሃው ይደርቃል። ስለዚህ ከማስነሳቴ በፊት ሳይፎኑን ፈትቼ አጥባለሁ፣ ውሃ ሞልቼ እመልሰዋለሁ፣ ክፍሉ ውስጥም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅያለሁ።