ትኩስ ወይስ የቀዘቀዘ ሽል? ከመወሰናችሁ በፊት የማህፀን ግድግዳውን ጠይቁ

እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ በሚገናኙበት የመካንነት ሕክምና፣ ላቦራቶሪው «ጥሩ ሽል ተገኝቷል» ካለ በኋላ ጥንዶች የሚወስኑት አንድ ነገር ይቀራል፤ ሽሉ አሁኑኑ ይግባ ወይስ ቀዝቅዞ ይቆይ? ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለሽሉ ነው። «በረዶ ውስጥ የከረመ ነገር እንደ ትኩሱ ይሆናል?» ይላል። በዛሬው ፈጣን የማቀዝቀዝ ዘዴ ግን ጥሩ ላቦራቶሪ ከሚያቀዘቅዛቸው 10 ሽሎች ከ9 የሚበልጡት በሕይወት ይወጣሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ሽሉ የሚያርፍበት የማህፀን ግድግዳ ነው።

በትኩሱ መንገድ ሴትየዋ ለ10 ቀናት ያህል መርፌ ትወስዳለች፤ እንቁላሎቹ ይወጣሉ፤ ከ3 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ሽሉ ይገባል። አንድ ወር ያህል ይተርፋል፤ የማቀዝቀዣና የማቆያ ክፍያም የለም። ችግሩ ብዙ እንቁላል ለማሳደግ የተሰጠው መድኃኒት ማህፀኑንም ማግኘቱ ነው። ኤስትሮጅን ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይወጣል። ግድግዳውን ለሽል የሚያዘጋጀው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ደግሞ እንቁላሎቹን የሚያበስለው የመጨረሻ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ከፍ ካለ ግድግዳው ከሽሉ ቀድሞ ይበስላል። ሽል የሚቀበልበት ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ እንግዳው ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ሊቆይ ይችላል። በዚህ መርፌ ቀን የተለካው ፕሮጄስትሮን ከ1.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ ብዙ ሐኪሞች ማቀዝቀዙን ይመርጣሉ።

እንቁላል የሚያመርተው ኦቫሪ በመድኃኒቱ ከመጠን በላይ የመነቃቃት አደጋም አለ። ሆድ ይነፋል፣ ክብደት በቀናት ውስጥ ይጨምራል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። እርግዝና ከተፈጠረ የእርግዝናው ሆርሞን ሕመሙን ያባብሰዋል። በ2016 ቻይና ውስጥ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው የሆርሞን መዛባት ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሽሉ ቀዝቅዞ የገባላቸው 49 በመቶ ያህሉ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል፤ በትኩሱ 42 በመቶ ነበር። ከመጠን በላይ የመነቃቃቱ አደጋም ከ7 በመቶ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወርዷል። በ2018 ግን ቻይናና ቬትናም ውስጥ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ በሌለባቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሕይወት ያለ ልጅ በመውለድ ረገድ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ «ለሁሉም ማቀዝቀዝ ይሻላል» የሚል ክሊኒክ ሲያጋጥማችሁ «ለእኔ ለምን?» በሉት።

ማቀዝቀዙ ከተመረጠ ግድግዳው የሚዘጋጅበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በመድኃኒት ነው። ለምሳሌ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባትና የወር አበባዋ የሚዘባረቅ የ31 ዓመት ሴት እንውሰድ። ደም በታየ በ2ኛው ቀን 2 ሚሊ ግራም የኤስትሮጅን ክኒን በቀን 3 ጊዜ ትጀምራለች። በ12ኛው ቀን አልትራሳውንዱ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ሦስት መስመር ያለው ግድግዳ ያሳያል፤ 7 ያህል ስለሚበቃ ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 400 ሚሊ ግራም የፕሮጄስትሮን እንክብል በብልት ታስገባለች፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ትደግማለች። የአምስት ቀን ሽል የሚገባው በ6ኛው የፕሮጄስትሮን ቀን፣ ማለትም ቅዳሜ ነው። ተሳስታ ማክሰኞ ከጀመረች ቀኑ ወደ እሑድ መዞር አለበት፤ ስለዚህ አፍራ ከመደበቅ ወዲያው መደወል ይሻላታል። ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ላይ ቢቆም ኖሮ ደግሞ ኤስትሮጅኑ ይራዘማል ወይም ወሩ ይሰረዛል፤ ሽሉ ግን አይጠፋም። የቀዘቀዘው ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው።

ሌላው መንገድ ተፈጥሯዊው ነው። የወር አበባዋ የማይዛነፍ ሴት እንቁላሏ የሚወጣበት ቀን በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ይጠበቃል፤ ሽሉም ከ5 ቀን ገደማ በኋላ ይገባል። ክኒኑ ትንሽ ነው፣ ምልልሱ ግን ብዙ ነው፤ ቀኑንም የሚመርጠው ሰውነት ነው፣ እሑድም ሆነ በዓል። እንቁላሉ በወጣበት ቦታ የሚቀረው ኮርፐስ ሉቲየም ራሱ ፕሮጄስትሮንና ለደም ሥሮች የሚጠቅሙ ሌሎች ሆርሞኖችን ያመነጫል። በመድኃኒት በተዘጋጀው ወር ይህ የለም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት በዚያ መንገድ በርከት ብሎ የሚታየውም በከፊል በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። እንቁላሏ በየወሩ ለሚወጣ ሴት እኔ ተፈጥሯዊውን አስቀድማለሁ። በመድኃኒት የሄደችው ግን «አረገዝኩ» ብላ ፕሮጄስትሮኑን ማቆም የለባትም፤ የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ፣ እስከ 10 ወይም 12 ሳምንት ድረስ፣ የእርግዝናው ድጋፍ መድኃኒቱ ነው።

ዋጋ ስታነጻጽሩ የማቆያውን ዓመታዊ ክፍያ፣ ከቅዝቃዜ የማውጫውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ ለየብቻ አስጽፉ። ሽሎቹ የሚቀመጡት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ ወዲያው አይጎዱም፤ ናይትሮጅኑ ግን ይተናል። በየስንት ቀኑ እንደሚሞላና ደረጃው ሲወርድ ማን እንደሚጠራ ጠይቁ።