ድምሩ 100.1 ሲመጣ፦ ማስታወሻ ይሻላል ወይስ ማስተካከል?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ 70 ነጋዴዎችን «ደንበኛ በብዛት በምን ይከፍላችኋል?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል። ጥሬ ገንዘብ 27፣ ቴሌብር 20፣ ባንክ 16፣ ዱቤ 7 ሆነ። በመቶኛ ተሰልቶ ወደ አንድ አስርዮሽ ሲጠጋጋ 38.6፣ 28.6፣ 22.9 እና 10.0 ይመጣል። ድምሩ ግን 100.1 ነው።

አንደኛው መንገድ፦ እንዳለ መተው። ከሠንጠረዡ ሥር «በማጠጋጋት ምክንያት ድምሩ ከ100 ትንሽ ሊለይ ይችላል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ተጨማሪ ሥራ አይጠይቅም። ማንም 16ን ለ70 አካፍሎ በ100 አባዝቶ ቢያረጋግጥ ያንኑ 22.9 ያገኛል። ችግሩ፣ ማስታወሻውን ያላነበበ ሰው ስሌቱ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፦ በትልቁ ቀሪ ማስተካከል። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ታች ቁረጡ፦ 38.5፣ 28.5፣ 22.8፣ 10.0። ድምሩ 99.8 ነው፤ ሁለት 0.1 ይቀራል። እነሱን ይበልጥ ለተቆረጠባቸው ስጡ። ከጥሬ ገንዘብና ከቴሌብር 0.071 ተቆርጧል፣ ከባንክ 0.057። ስለዚህ 38.6፣ 28.6፣ 22.8፣ 10.0 ይሆናል። ልክ 100.0! ዋጋውን የከፈለው ባንክ ነው፤ እውነተኛው 22.857 ሆኖ 22.8 ተጻፈ። ይህንንም ከሥር መግለጽ ግድ ነው። ደስ ያለንን ረድፍ መርጦ መቀነስ ግን ውጤት መነካካት ነው፤ እሱን አልቀበልም።

በሁለቱም መንገድ ዱቤ 10.0 እንጂ 10 አይጻፍ። ኤክሴል ዜሮዋን በራሱ ይጥላታል፤ የሴሉን ቅርጽ `0.0` አድርጉት።

ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ቁጥሩም አብሮ ከታተመ፣ እኔ አንደኛውን እመርጣለሁ። መቶኛው ብቻ በፖስተር ወይም በክብ ግራፍ ለሚታይበት ሁለተኛው ይስማማል።